ሰው ሁሉ በሚያየው ግሩፕ ውስጥ «አልችልም» እንዴት ይባላል?

ጠያቂዋ፣ ከካዛንቺስ

ሰላም ለሁላችሁም። ከውጭ ተመልሼ አዲስ አበባ መኖር ከጀመርኩ ቆየሁ። ሥራዬ ስታዲየም አካባቢ ነው፤ ደመወዜም በብር ነው። የድሮ ትምህርት ቤታችን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። 400 እንጠጋለን፤ ግማሹ ውጭ ነው ያለው። ሰሞኑን ለአንድ መምህራችን ሕክምና መዋጮ ተጀመረ።

አሰባሰቡን ታውቁታላችሁ። አንዱ ዝርዝሩን ኮፒ ያደርግና ከታች ስሙንና የሚሰጠውን ጽፎ መልሶ ይለጥፈዋል። ውጭ ያሉት 100 ዶላር፣ 200 ዶላር እያሉ ነው። ትናንት ማታ ዝርዝሩ እንደገና ሲመጣ ስሜ አለበት። ከጎኑ ሰረዝ፣ ከሰረዙ ቀጥሎ ባዶ። አንዱ ደግሞ «እህታችን ከአሜሪካ መጥታ ዝም አለች እኮ» ብሎ ጻፈ።

መምህሩን በጣም ነው የማከብራቸው። ግን እናቴን እያሳከምኩ ነው፣ የቤት ኪራይም ተጨምሮብኛል። በዚህ ወር የለኝም። ሰው ፊት ሳላፍር፣ እሳቸውንም ሳላስቀይም ምን ልበል?

ከሲያትል

እህቴ፣ አትጨነቂ። ሚዩት አድርጊውና ተይው። ቴሌግራም ላይ ከ100 ሰው በላይ ባለበት ግሩፕ መልእክቱን ማን እንዳነበበ አይታይም። አላየሁም ብትዪ ማንም አያውቅም። ካስቸገሩሽ ደግሞ ውጪ።

ገንዘብ ያዥ ሆና የሠራች፣ ከፒያሳ

ከ100 በላይ ሲሆን አይታይም ያልከው ልክ ነው። ግን ስሟ ተጽፏል፣ ተጠርታለችም። ከዚህ በኋላ ዝምታዋ «አላየችም» ተብሎ አይተረጎምም። መዋጮው ተሟሙቆ እያለ ከግሩፑ ብትወጣ ደግሞ የባሰ ነው፤ ወሬው እሷ ላይ ይዞራል፣ መምህሩም ይረሳሉ።

እንዲህ ያለ መዋጮ ላይ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ያዥ ሆኛለሁ፤ ከዚያ ወገን የሚታየውን ልንገርሽ። ባዶው መስመር አብዛኛውን ጊዜ ተንኮል አይደለም። ሰብሳቢው ያለፈውን መዋጮ ዝርዝር ያመጣና መጠኑን አጥፍቶ ስሞቹን ይተዋቸዋል። ባለፈው የሰጠ ሁሉ አሁንም እንደሚሰጥ ተቆጥሮ ይገባል። ባለፈው ሰጥተሽ ከነበረ ስምሽ የመጣው ከዚያ ነው።

ስለዚህ ግሩፑ ላይ አንድም ቃል አትጻፊ። «በአሁኑ ሰዓት አልችልም» ብለሽ እዚያ ብትለጥፊ አሥር ሰው «አይዞሽ» ይልሻል፣ አንዱ «እኔ እከፍልላታለሁ» ይላል። በቅንነት ነው የሚሉት፤ አንቺ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጥሽ ትመርጫለሽ። ለሰብሳቢው ብቻ በውስጥ ጻፊለት። ዛሬውኑ ይሁን፤ ዝርዝሩ በተገለበጠ ቁጥር ማስወገዱ ይከብዳል። እንዲህ በይው፦

«ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? የመምህራችንን መታመም ሰምቼ በጣም አዝኛለሁ። ስለምትደክሙት እግዚአብሔር ይስጥልን። በዚህ መዋጮ ግን መሳተፍ አልችልም። ስሜን ከዝርዝሩ አውጣልኝ። ልትጠይቋቸው ስትሄዱ ንገረኝ፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»

በቃ። የእናትሽን ሕመም፣ ኪራዩን፣ ምኑንም አትዘርዝሪ። ምክንያት ከሰጠሽው ምክንያቱን ሊፈታልሽ ይሞክራል፤ «ታዲያ በሁለት ጊዜ ስጪ» ይልሻል። «ደመወዝ ሲወጣ አያለሁ» ደግሞ በፍጹም እንዳትዪ። እኔ ራሴ እንዲህ የሚሉትን «ቃል የገቡ» በሚል ለብቻ እጽፋቸው ነበር። ወር ሲሞላ ያ ዝርዝር ግሩፑ ላይ ይወጣል። ቃል ገብቶ ያልከፈለ ሰው ከመጀመሪያው አልችልም ካለው ይልቅ ስሙ ይነሳል።

ስምሽ ከወጣ በኋላም አንድ ቀን ጠብቀሽ እዪ። አንድ ሰው የቆየውን ዝርዝር ኮፒ ካደረገ ከነባዶ መስመርሽ ይመለሳል። ሰብሳቢው አዲሱን ፒን እንዲያደርገው ጠይቂው፤ ሁሉም ከዚያ ይገለብጣል።

ከዋሽንግተን ዲሲ

እህት፣ ትክክለኛ መዋጮ መሆኑን በምን አረጋገጥሽ? እኔ ባለፈው ለማላውቀው ሰው ሒሳብ ልኬ ቀረሁ። የሆስፒታል ወረቀት አሳዩኝ በያቸው። የባንክ ሒሳቡ በማን ስም ነው?

ጠያቂዋ

ወንድሜ፣ ማጭበርበር የለበትም፤ መምህሩን ቤታቸው ድረስ ሄደው ያዩ አሉ። ሒሳቡም በሦስት ልጆች ስም በጥምር የተከፈተ ነው። እኔን የጨነቀኝ አለመስጠቴ ነው። እሺ፣ ዝም ብዬ 300 ብር ብልክ እና ዝርዝሩ ላይ ስሜን ባላስጽፍስ?

ገንዘብ ያዥ ሆና የሠራች፣ ከፒያሳ

እዚህ ላይ ቆም በይ። ከሞባይል ባንኪንግ ስትልኪ ስምሽ አብሮ ይሄዳል። መዋጮው ሲያልቅ ደግሞ ገንዘብ ያዦቹ ለታማኝነት ሲሉ የባንኩን የሒሳብ መግለጫ ፎቶ አንስተው ግሩፑ ላይ ይለጥፋሉ። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ሕዝቡ ይጠይቃል። ያኔ የ20 ሺህ ብር ገቢ ከላይ፣ ያንቺ 300 ከታች ይታያል። በድብቅ የሰጠሽው በአደባባይ ይወጣል ማለት ነው። 300 ብር የሚያሳፍር ሆኖ አይደለም። ግን አንቺ የሸሸሽው እሱኑ ነው። ያለሽን መስጠት ከፈለግሽ ፍራፍሬ ገዝተሽ፣ ብሩን በፖስታ አድርገሽ ለባለቤታቸው በእጃቸው ስጪ።

አንድ አባት፣ ከአራት ኪሎ

ልጆቼ፣ እኔ በዚህ ሁሉ አልስማማም። በኛ ጊዜ ሰው ያለውን ይሰጥ ነበር። አምስት ብርም ትጻፍ ነበር፣ አንድም ሰው አይስቅም። እናንተ ናችሁ በዶላር ያበላሻችሁት። 100 ዶላር ድሮ 6 ሺህ ብር አይሞላም ነበር። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እጥፍ አልፏል። እዚህ በብር የሚኖር ሰው ከዚያ አጠገብ ስሙን እንዴት ያስጽፍ? ውጭ ያሉት ለብቻቸው ይሰብስቡ። እንደ እድር ለሁሉም እኩል ቢቆረጥ ደግሞ ማንም አይሸማቀቅም ነበር።

ከሲያትል

አባቴ፣ ያሉት ደስ ይላል። ግን እኩል ሲቆረጥ አልችልም ማለት ይበልጥ አይከብድም? እድር ግዴታ ነው። ይሄ በፈቃድ ነው የሚባለው።

ገንዘብ ያዥ ሆና የሠራች፣ ከፒያሳ

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። እኔ ሰብሳቢ ስሆን የማደርገውን ብቻ ልንገራችሁ። መጠን አይጻፍም፤ የሰጠው ሰው ስም ብቻ ይወጣል። በመጨረሻ ጠቅላላ ድምሩ ይነገራል። መግለጫውን ማየት የፈለገ መጥቶ ያያል። ገንዘቡ በዚህ ይቀንሳል የሚሉኝ አሉ፤ ሰው ሰው ስላየው ነው የሚጨምረው ይላሉ። ምናልባት ይቀንስ ይሆናል። ግን ደጋግሞ የሚሰጠው ሰው ይበዛል ብዬ አምናለሁ።

ጠያቂዋ

እንዳልሽኝ ጻፍኩለት። ወዲያው ደወለ። እኔ ነኝ እንጂ የጨነቀኝ፣ እሱ ምንም አልመሰለውም፤ «ኧረ ምን ችግር አለው፣ ከድሮው ዝርዝር ነው የመጣው» አለኝ። ስሜ ወጥቷል፣ አዲሱም ፒን ተደርጓል። ቅዳሜ ከሰዓት አራት ሆነን መምህሩ ቤት እንሄዳለን።

«ዝም አለች» ብሎ የጻፈው ልጅ ግን አሁንም ጽሑፉን አላጠፋውም። እሱን በውስጥ ላናግረው ወይስ ልተወው?

አንድ አባት፣ ከአራት ኪሎ

ተይው ልጄ። ቅዳሜ እሱም ከመጣ ሰላም በዪው።

ገንዘብ ያዥ ሆና የሠራች፣ ከፒያሳ

እኔ ብሆን ሰብሳቢው እንዲያጠፋው እጠይቃለሁ። አድሚን ከሆነ የሌላ ሰው መልእክት ማጥፋት ይችላል። ከልጁ ጋር መነጋገርም አያስፈልግሽም።