ለቡስት 6,000 ብር ከፍዬ አንድ ሰው አልደወለም፤ ነገ ልድገም?

ካቢኔት ቤት፣ ኮዬ ፈጬ
ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ መልሱልኝ እባካችሁ። ኪችን ካቢኔት እሠራለሁ። ባለፈው ሳምንት ፌስቡክ ላይ 6,000 ብር ቡስት አድርጌ 1,400 ላይክ መጣ፣ ትእዛዝ ግን ዜሮ። ቡስት የሚያደርግልኝ ልጅ ነገ ጠዋት ሌላ 6,000 ላኪ ይላል። ወንድሜ ደግሞ ፌስቡክ ሞቷል፣ ቲክቶክ እንሞክር እያለኝ ነው። የቱ ይሻላል? የሠራተኛ ደሞዝ ደርሷል፣ ያለኝ ብር ይኸው ነው።

ማስታወቂያ በደሙ
ቲክቶክ ነዋ! በቀን ሦስት ቪዲዮ ልቀቂ። መጀመሪያ ግብ ያስፈልግሻል፣ ያለ ግብ ማስታወቂያ የለም። 10,000 ተከታይ ብለሽ ያዢ፤ ከዚያ ደንበኛው ራሱ ይመጣል።

የሰበታው
እኔ 11,000 ተከታይ አለኝ። ትናንት የታክሲ ረዳቱ በላይክ አልቀበልም ብሎ አወረደኝ 😂

እማማ ደብተር
ልጄ፣ በወር ስንት ኪችን መሥራት ትችያለሽ? በሰው በሰው የሚመጣልሽስ ስንት ነው? ባለፉት ሦስት ወራት ስንት ቤት ለካሽ፣ ስንቱስ ቀብድ ከፈለ?

ካቢኔት ቤት፣ ኮዬ ፈጬ
ሁለት አናጺ ነው ያለኝ፣ ከአምስት በላይ አንችልም። በወር ሁለቱ በድሮ ደንበኛ በኩል ይመጣሉ። 14 ቤት ለክቼ 7 ከፍለዋል። ግን እማማ፣ እኔ የጠየቅኩት ቡስቱን ነው።

እማማ ደብተር
ወደሱ እየመጣሁ ነው። አምስት ትችያለሽ፣ ሁለቱ በሰው ይመጣሉ፤ እንግዲህ ከስልክ የምትፈልጊው ሦስት ትእዛዝ ነው። ከለካሻቸው ግማሹ ከፍለዋል፤ ግን አብዛኞቹ ጎረቤት የጠቆማቸው፣ ቀድመው ያመኑሽ ናቸው። ፌስቡክ ላይ ያየሽ ሰው እንዲህ ቶሎ አይከፍልም፣ ከሦስት አንዱ ይከፍላል ብለሽ አስቢ። ለሦስት ትእዛዝ ዘጠኝ ልኬት ማለት ነው። ከሚጠይቁሽ ደግሞ ግማሹ ኑና ለኩ ካሉ፣ በወር 18 እውነተኛ ጠያቂ፣ ማስታወቂያ ሠሪዎቹ ሊድ የሚሉት፣ ያስፈልግሻል። ግብሽ ይህ አንድ ቁጥር ነው። "ከሦስት አንዱ" እና "ግማሹ" ያልኩት ግምቴ ነው፣ ከወር በኋላ በራስሽ ደብተር ታርሚዋለሽ።

እውነተኛ የምንለው ደግሞ ቁልፍ የተረከበ፣ ሰፈሩንና ብሎኩን የነገረሽ፣ መቼ ማሠራት እንደሚፈልግ ያወቀ ሰው ነው። "ሰላም" ብሎ የጠፋ አይቆጠርም። ፌስቡክ ግን ይቆጥረዋል፣ ስለዚህ የገጹን ቁጥር ትተሽ በእጅሽ ጻፊ። ለሚደውል ሁሉ "የት አይተኸን ነው?" ብለሽ ጠይቂ፤ ያለዚያ በሰው የመጣውን ለቡስቱ ትቆጥሪለታለሽ።

አሁን ልጁን ቡስቱ ሲከፈት የተመረጠውን ስክሪንሾት እንዲልክልሽ ንገሪው።

መብራት በጅምላ
ሊድ የምትሉት የካቢኔት ሥር መብራት ከሆነ እኔ ጋ ሞልቷል። በሜትር ነው የምሸጠው።

የሰበታው
ወንድሜ፣ ስለ መብራት ያወራ የለም። ግን ዋጋውን ላክልኝ።

ጎረቤት ከቱሉ ዲምቱ
ግብ ምናምን አይደለም ችግሩ። ፖስትሽን አይቼዋለሁ፤ ከሥሩ ከሠላሳ በላይ ሰው "ስንት ነው?" ብሏል፣ አንቺ ሁሉንም "ኢንቦክስ" ብለሽ አልፈሻል። እኔም አንዱ ነበርኩ፤ ጻፍኩልሽ፣ መልስ የመጣልኝ በሁለተኛው ቀን ነው። ሌላ ቦታ አሠራሁ።

ካቢኔት ቤት፣ ኮዬ ፈጬ
ይቅርታ ወንድሜ፣ ማሽን ላይ ስሆን ስልክ አላነሳም። ዋጋውን ደግሞ የኤምዲኤፍ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ነው የማልጽፈው።

እማማ ደብተር
ይህን አላውቅም ነበር፣ ጎረቤት ልክ ነው። በዚያው ቀን ካልተመለሰላቸው 18ቱ ቢመጡም ሜዳ ላይ ይቀራሉ። መነሻ ዋጋ ብትጽፊ ግን ጠያቂው ይቀንሳል፣ የሚቀረው የሚከፍለው ይሁን አይሁን መገመት ይከብደኛል። አንድ ወር ጽፈሽ፣ አንድ ወር ሳትጽፊ ማየት ነው።

ማስታወቂያ በደሙ
ቲክቶክ ላይ ቢሆን ግን በቀን ሦስት ቪዲዮ...

ካቢኔት ቤት፣ ኮዬ ፈጬ
ስክሪንሾቱ መጣ። Get more engagement ይላል። ልጁ "ላይክ ያበዛል ብዬ ነው" አለኝ።

እማማ ደብተር
ፌስቡክ የታዘዘውን አመጣ፤ ላይክ መጫን የሚወድ ሰው ፈልጎ አሳየልሽ። Get more messages የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን ያድርግ። ነገ ግን 6,000 አትላኪ። ደሞዙን ክፈዪ፤ 2,000 ብቻ ልከሽ፣ ስልክ የሚመልስ ሰው መድበሽ፣ ለአንድ ሳምንት ቁጠሪ። ለወር 18 ካልሽ በሳምንት አራት አምስት መምጣት አለበት። አንድ ብቻ ከመጣ መጀመሪያ ፎቶውንና ሰፈሩን መርምሪ፤ ምናልባት ማስታወቂያው ቤት ላልደረሰው ሰው እየታየ ይሆናል። ቲክቶኩም በዚሁ 18 ይለካል፣ ወንድምሽ ቅር አይበለው።

ጎረቤት ከቱሉ ዲምቱ
በአንድ ሳምንት ምን ይታወቃል? ክረምት ደግሞ ማን ቤት ይጨርሳል?

መብራት በጅምላ
የሰበታው፣ ውስጥ መስመር እይ።