አለቃዬ ቀኑን ሙሉ ይደውሉልኛል፤ ሪፖርቱን እንዴት ልቅደማቸው?

ጠያቂዋ፣ ከፎገራ

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የእምቦጭ ማስወገድ ፕሮጀክት የመስክ ባለሙያ ነኝ። የምውለው ፎገራ፣ ጣና ዳር ነው። አለቃዬ ባሕር ዳር ቢሮ ናቸው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይደውሉና «የት ደረሰ?» ይሉኛል። ከሠራተኞቹ ጋር ውሃ ውስጥ ስሆን ስልክ ማንሳት አልችልም፤ ያኔ ይቆጣሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ገጽ ሪፖርት እልካለሁ፤ ያነበቡት ግን አይመስለኝም። የኅዳር ዕቅዳችን 20 ሄክታር ነው። ሳይጠይቁኝ የሚፈልጉትን ለማድረስ ምን ላድርግ?

የሕንፃ ሳይት መሐንዲስ፣ ባሕር ዳር

እህቴ፣ ይሄ ቀላል ነው። ማታ ማታ በቴሌግራም ፎቶ ላኪላቸው። የጠዋቱን አንድ፣ የማታውን አንድ። እኔ ኮንክሪት በተሞላ ቁጥር እንዲህ ነው የማደርገው፤ አለቃዬ ስልክ መደወል ትቷል። ሁሉንም ነገር ላኪ፣ ምንም አታስቀሪ። ብዙ መረጃ ያለው አለቃ አይጨነቅም።

ሆቴል ቤት የምሠራ

የኔዋም ሱፐርቫይዘር እንዲሁ ናት እህቴ። ክፍል እያጸዳሁ ስልኬ አያርፍም። እኔ ብሆን በሥራ ሰዓት ስልኬን እዘጋው ነበር። ደግሞ ተጠንቀቂ፤ የኔዋ የነገርኳትን ሁሉ ለማናጀሩ የራሷ ሥራ አድርጋ ነው የምታቀርበው። ብዙ አትንገሪያቸው።

የቀድሞ የፕሮጀክት አስተባባሪ

እህቴ፣ እኔ ለዓመታት የተቀመጥኩት አለቃሽ ባሉበት ወንበር ላይ ነው። ስለዚህ ከዚያ በኩል የሚታየውን ልንገርሽ።

አለቃሽ የሚደውሉት እሳቸውም ስለሚጠየቁ ነው። ከበላያቸው ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት አለ፤ ምናልባትም የክልሉ ቢሮ አለ። ያ አካል በሆነ ቀን፣ በሆነ ሰዓት «ስንት ሄክታር?» ይላቸዋል። ሪፖርትሽ የሚደርሰው ቅዳሜ ነው። እሳቸው የሚጠየቁት ሐሙስ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ሁለቱ ገጽ የቱንም ያህል ቢያምር አይጠቅማቸውም። ያለፈ ወሬ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቢሮ ስትሄጂ ሩብ ሰዓት ለምኛቸው። ሦስት ነገር ጠይቂ። ለበላይዎ የሚልኩት በየትኛው ቀንና ሰዓት ነው? መጀመሪያ የሚጠየቁት ቁጥር የቱ ነው? ከኔ ዘግይቶ ሲመጣ በጣም የሚያስቸግርዎ ምንድን ነው? ሦስተኛውን አትዝለዪው። አብዛኛው አለቃ እውነተኛ ጭንቀቱን የሚናገረው እዚያ ላይ ነው። እሳቸው የሚልኩትን የሪፖርት ቅጽ ካሳዩሽ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ያንቺ መልእክት በዚያው ቅደም ተከተል ይሁን።

መሐንዲሱ ወንድሜ ስለ ፎቶ ያልከው ልክ ነው፤ ቦታውና ቀኑ ከተጻፈበት። «ሁሉንም ላኪ» ያልከው ላይ ግን አልስማማም። ሃያ ፎቶ የሚደርሰው አለቃ ቁጥሩን ለማግኘት መልሶ ይደውላል።

ሆቴል የምትሠሪው እህቴ፣ ያንቺ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ጠያቂዋ የተነጠቀችው ሥራ የለም። ስልክ መዝጋት ግን ጥሪውን ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ጠያቂዋ፣ ከፎገራ

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ዛሬ ቢሮ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሳይቆጡ ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ስብሰባቸው ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። መጀመሪያ የሚጠየቁት የታረመውን ሄክታር ነው። በጣም የሚያስቸግራቸው ደግሞ የቀን ሠራተኞቹ የክፍያ ሰነድ መዘግየት ነው፤ ክፍያ ሲዘገይ ቅሬታው ወደ ወረዳው ይሄዳል። እንዲህ ብዬ ልላክ?

«ሥራው በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ነው። እስከ ዛሬ 11 ሄክታር ታርሟል። የክፍያ ሰነዱ በቅርቡ ይደርሳል።»

የቀድሞ የፕሮጀክት አስተባባሪ

ጎበዝ። አሁን መልእክቱን እንፈትሸው። «በጥሩ ሁኔታ» የሚለውን አውጪው፤ አለቃሽ ስብሰባ ላይ ሊያነቡት አይችሉም። «በቅርቡ» ደግሞ ለሌላ ጥሪ በር ይከፍታል። ቀንና ሰዓት አድርጊበት።

ትልቁ ነገር ግን 11 የሚለው ነው። እምቦጭ በነፋስ ይንሳፈፋል። ትናንት ያጸዳችሁት ቦታ ዛሬ ተሸፍኖ ሊያድር ይችላል። ከ11ዱ ስንቱ አሁንም ንጹህ ነው? አለቃሽ 11 ብለው ከተናገሩ በኋላ ጎብኚ መጥቶ አረንጓዴ ውሃ ቢያይ የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ የትኛውንም ቁጥርሽን አያምኑም። የወጣው ክምርስ የት ነው? ውሃው ዳር ከተተወ፣ ሐይቁ በክረምት ሲሞላ ይመልሰዋል። ይህን ሳይጠየቁ የሚያውቁ አለቃ ስብሰባ ላይ አይደናገጡም።

ሌላም አለ። ፎገራ የሩዝ አጨዳ እየደረሰ አይደል? ሠራተኞችሽ ገበሬዎች ከሆኑ ወደ አጨዳው ይሄዳሉ። ይህ ለአንቺ የአደባባይ ነገር ነው፤ ባሕር ዳር ቢሮ ላለ ሰው ግን አይታየውም። ሠራተኛ ከጎደለ በኋላ ብትነግሪያቸው ሰበብ ይመስላል። ዛሬ ብትነግሪያቸው ዕቅድ ማስተካከል ይችላሉ።

ጠያቂዋ፣ ከፎገራ

እውነት ነው፤ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ አንዳንዶቹ ቀርተዋል። እንግዲህ ሐሙስ 10 ሰዓት ላይ ይህን እልካለሁ፦

«የኅዳር ዕቅድ 20 ሄክታር። እስከ ዛሬ የታረመ 11። ከዚህ 3ቱን ነፋስ መልሶ ሸፍኖታል፤ ንጹህ የሆነው 8።
ክምር፦ ግማሽ ያህሉ ገና ከውሃው ዳር አልራቀም። እስከ ማክሰኞ እናርቃለን።
ክፍያ፦ የሁለተኛው ሳምንት ፔይሮል በቀበሌ ተፈርሟል። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ቢሮ ይደርሳል።
ስጋት፦ በሩዝ አጨዳው ምክንያት ከ60 ሠራተኛ 18 ቀርተዋል። በዚህ ከቀጠለ በወሩ መጨረሻ ንጹህ የሚሆነው 13 ሄክታር ገደማ ነው።
ውሳኔ የምጠይቀው፦ ከአጎራባች ቀበሌ ሠራተኛ እንጨምር ወይስ ቀሪውን ከአጨዳ በኋላ እንሥራ? የኔ ሐሳብ መጨመር ነው። እስከ ሰኞ ቢነግሩኝ ማክሰኞ እጀምራለሁ።»

የቀድሞ የፕሮጀክት አስተባባሪ

ላኪው። አንድ ነገር ብቻ፦ 13 የሚለውን ከየት እንዳመጣሽው ማስታወሻሽ ላይ ይኑር። ሲጠይቁሽ «በቀን ይህን ያህል እናርማለን፣ ይህን ያህል ይመለሳል» ማለት አለብሽ። ከዚያ የጥሪውን ዓይነት ተመልከቺ። «የት ደረሰ?» ቀርቶ «ስንት ሠራተኛ ልጨምር?» ከሆነ ሠርቷል። ያው ጥያቄ ከቀጠለ መልእክቱ ውስጥ የሚፈልጉት ነገር ጎድሏል፤ እሱን ፈልጊ።

የሕንፃ ሳይት መሐንዲስ፣ ባሕር ዳር

ጋሼ፣ ክምሩንና ነፋሱን አላሰብኩትም። ግን በሳምንት አንዴ አይበቃም ባይ ነኝ። ኮንክሪት አንዴ ከተሞላ አይመለስም፤ በየቀኑ ካልተነገረ ስህተቱ ይቀበራል።

የቀድሞ የፕሮጀክት አስተባባሪ

ላንተ ሥራ ልክ ነህ። ለእሷ ማታ ማታ አንድ መስመር ሊበቃ ይችላል፦ የዛሬ ሄክታር፣ የዛሬ ሠራተኛ። ያም ቢሆን አለቃዋ ከፈለጉ ነው፤ ትጠይቃቸው።

ሆቴል ቤት የምሠራ

እሺ፣ ሥራዬን የራሷ ለምታደርገዋስ ምን ይሻላል?

ጠያቂዋ፣ ከፎገራ

እህቴ፣ እኔም መልሱን አላውቀውም። የሚያውቅ ካለ ይጻፍልን። ጋሼ፣ እስከ ሰኞ ውሳኔ ካልመጣስ ልደውል?

የቀድሞ የፕሮጀክት አስተባባሪ

ሰኞ ጠዋት ደውዪ። «ከነገ ጀምሮ ልጨምር ነው፣ ይፈቅዳሉ?» በያቸው። በጀት የሚነካ ስለሆነ እሺ ሳይሉሽ አትጀምሪ።