የማለዳ ዜና ማጠቃለያ፦ ሐሳቡን አብረን እንቅረጽ

ሰናይት፦ ለሥራ አስፈፃሚው የምናቀርበው ጽሑፍ እስካሁን አንድ አንቀጽ ነው። «በየጠዋቱ 12፡30 ላይ አምስት ዜና፣ እያንዳንዱ ከ40 ቃል ሳይበልጥ፣ በቴሌግራም ቻናላችን ይለቀቃል» ይላል። አብዛኞቹ አባላት ነጋዴዎች ስለሆኑ ሱቅ ሳይከፍቱ ነው የሚያዩት። የጎደለውን ጨምሩበት፣ እሑድ ማታ እልከዋለሁ።

ቢኒያም፦ 40 ቃል ለምን? ርዕሱን መለጠፍ፣ ሊንኩን ማስቀመጥ፣ አለቀ። የፈለገ ገብቶ ያነባል። ግን ፎቶ ይኑረው፣ ያለ ፎቶ ማን ዞር ብሎ ያያል!

ጋሽ መኮንን፦ ቢኒ፣ ፎቶውን እንኳ ተወው። በነፃው አካውንት ፎቶ ሥር የሚገባው ጽሑፍ 1,024 ፊደል ነው፣ ያለ ፎቶ ግን እስከ 4,096 ይሄዳል። አምስት ዜና በ40 ቃል 200 ቃል ነው፣ እሱ ደግሞ 1,000 ፊደል አልፎ ይሄዳል። የመጨረሻው ዜና ፎቶው ሥር አይገባልህም።

ርዕሱን በተመለከተ ግን አልስማማም። ርዕስ የሚጻፈው ሰው ገብቶ እንዲያነብ ነው። የኛ አንባቢ አይገባም፣ ያቺኑ አይቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። በሰኔ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የባንክ ሥራ አዋጁን ረቂቅ አይቶ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት መራው። አንተ እንዳልከው ስናሳጥረው «የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ተወሰነ» ይሆናል። ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ግን ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ነው፣ ግማሽ ዓመት ቆይቶ። ከዚያም በኋላ መመሪያ አለ፣ ፈቃድ አለ። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ቢቆረጥ ነገሩ የት ደረጃ ላይ እንዳለ የሚናገረው ግስ አይቆረጥም። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «የውጭ ባንኮችን የሚያስገባው ረቂቅ አዋጅ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ተመራ፤ ገና አልጸደቀም።» ቃሉን ቁጠረው፣ 40 አይሞላም።

ቢኒያም፦ እሺ ይሁን። ቁጥር ያለበት ዜና ግን ቀላል ነው፣ ቁጥሩን ብቻ ማስቀመጥ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ «ብር በ30 በመቶ ወደቀ» ብሎ መጻፍ ይበቃ ነበር።

ሕይወት፦ የሒሳብ ሰው ነኝና ልግባበት 😄 በንግድ ባንክ ዶላሩ በአንድ ጊዜ ከ57.48 ወደ 74.73 ብር ወጣ። 30 በመቶ የጨመረው ዶላሩ ነው። ብሩ ያጣው ግን 23 በመቶ ገደማ ነው፦ መቶ ብር በፊት 1.74 ዶላር ያህል ነበር፣ ያን ቀን 1.34 ሆነ። ስለዚህ ፐርሰንት የሚባለውን ትተን «ከዚህ ወደዚህ» ብለን ሁለቱንም ቁጥር ብንጽፍስ? አጭርም ነው፣ የሚያሳስትም የለውም።

አቶ ተስፋዬ፦ በጣም ጥሩ! ታዲያ የየባንኩን ምንዛሪ በየጠዋቱ ትለጥፋላችሁ ማለት ነው። እኔ ጅቡቲ ዕቃ አለኝ፣ ዋጋ አውጥቼ መሸጥ አቅቶኝ ተቀምጫለሁ።

ሰናይት፦ አቶ ተስፋዬ፣ እሱ ሌላ ሥራ ነው። በ12፡30 ባንኮች ገና አልከፈቱም፣ የምናገኘው የትናንቱን ነው። በሱ ዋጋ ቢተምኑ እኛው ተጠያቂ እንሆናለን።

አቶ ተስፋዬ፦ የትናንቱም ቢሆን ከምንም ይሻላል እኮ።

ጋሽ መኮንን፦ የሰዓቱ ነገር ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ጽሑፉ ውስጥ ይግባ። የጎፋው የመሬት መንሸራተት ሐምሌ 15 ቀን 2016 ሰኞ ደረሰ። ማክሰኞ ዕለት ብቻ የሟቾቹ ቁጥር 146 ተብሎ ማታውን 229 ደረሰ፣ ሐሙስ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት 257 አለ። ማንም አልዋሸም፣ ቁፋሮው ስላላለቀ ነው። ስለዚህ የሟች ቁጥር ስንጽፍ ማን እንዳለውና እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ አብሮ ይገባል። አምስት ስድስት ቃል ይበላል፣ ይብላ።

ሕይወት፦ ታዲያ ረፋድ ላይ ቁጥሩ ሲቀየር የጠዋቱን እናርመዋለን?

ቢኒያም፦ ኤዲት ማድረግ ነዋ፣ ሁለት ሴኮንድ።

ጋሽ መኮንን፦ ቻናሉ ላይ ይታረማል። ሰው ቀድሞ ፎርዋርድ ያደረገው ግን እንደነበረ ይቀራል። አባሎቻችን ደግሞ ከቻናሉ ይልቅ የዕድርና የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ነው የሚያነቡት። በኔ በኩል «እርምት» የሚል አዲስ ልጥፍ ይውጣ፣ የቀድሞውም አይጥፋ።

ቢኒያም፦ በቀን አንዴ ብለን ሰው አስገብተን በቀን ሦስቴ ስልኩን ብናስጮህበት ይወጣል። እኔ አልስማማም።

ሰናይት፦ እርምቱን ሁለቱንም አማራጭ ጽፌ ለሥራ አስፈፃሚው እተወዋለሁ። ግሱ፣ «ከ… ወደ…» የሚለውና የቁጥሩ ምንጭ ከነሰዓቱ ገብተዋል። ፎቶ ወጥቷል። አሁን የቀረው ሌሊት 10 ሰዓት ማን ይነሣል የሚለው ነው። ፈቃደኛ ያለ?

ሕይወት፦ ሰኞና ረቡዕ እኔ።

አቶ ተስፋዬ፦ እኔ በዚያ ሰዓት መርካቶ ነኝ፣ ግን ምንዛሪውን እልክላችኋለሁ።