«ካጠባሽ በኋላ ዋጪው» ለሁሉም መድኃኒት ይሠራል?

አራሷ፦ በኦፕራሲዮን ከወለድኩ ገና ሳምንቴ ነው። ለቁስሉ ሕመም አይቡፕሮፌንና ትራማዶል ታዘዘልኝ። አንዷ ነርስ «እስክትጨርሺ ወተቱን እያለብሽ ድፊው» አለችኝ። ሌላዋ «ካጠባሽ በኋላ ዋጪው፣ ችግር የለውም» አለች። ተናድጃለሁ! የቷን ልስማ?

ወንዴ፦ ሁለተኛዋን። ሰዓት ከተጠበቀ ሁሉም መድኃኒት ይሆናል። ባለቤቴም እንደዛው ነው ያደረገችው።

ባለ መድኃኒት ቤቷ፦ «ሁሉም»? አይቡፕሮፌን እሺ፣ ወደ ወተት የሚገባው እዚህ ግባ አይባልም። ሰዓት ባትጠብቅም ምንም አይደል። ትራማዶል ግን ሌላ ነው። ጉበት ውስጥ ወደ ጠንካራ ነገር ይቀየራል፣ አንዳንዱ ሰው ጋ ደግሞ በጣም ይፈጥናል። ያንን የሚያፈጥነው ዘረመል እኛ ኢትዮጵያውያን ላይ በብዛት ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት ከ100 ሰው 29ኙ ላይ አግኝቶታል። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ትራማዶልና ኮዴይን እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል።

ወንዴ፦ አሜሪካ ያለው ሁሉ እዚህ ይሠራል ማለት ነው? ሰዓት መጠበቅ ታዲያ ለምን ተፈጠረ?

ባለ መድኃኒት ቤቷ፦ «ሁሉም» ያልከው አንተ ነህ፣ አሜሪካ አይደለም። ሰዓት መጠበቅ የሚጠቅመው መድኃኒቱ ቶሎ ከደም ሲወጣ፣ ልጁም ረጅም ሲተኛ ነው። የሳምንት ልጅ በየ2 ሰዓቱ ይጠባል። ትራማዶል ደግሞ ደም ውስጥ የሚበዛው ከተዋጠ 2 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። አጥብታ ብትውጠው ልጁ ለቀጣዩ ጡት የሚነቃው ልክ ሲበዛ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ የጉንፋን ኪኒን ወስጄ ወተቴ ቀነሰብኝ። መድኃኒት በቃኝ!

ባለ መድኃኒት ቤቷ፦ አፍንጫ የሚከፍተው ዓይነት ከሆነ ያደርጋል እህቴ። ጥያቄው ግን ስለ ሕመም ማስታገሻ ነው።

ሲስተር፦ ነርስ ሁሌ ተወቃሽ! ያቺ ልጅ ለጥንቃቄ ብላ ነው ድፊው ያለችው።

ባለ መድኃኒት ቤቷ፦ መድፋት ምኑ ጥንቃቄ ነው ሲስተር? መድኃኒቱ ጡት ውስጥ ተጠራቅሞ አይቀርም። ከደም ሲቀንስ ከወተትም ይቀንሳል። በአይቡፕሮፌን ምክንያት ደፍታ ልጁን ጣሳ ወተት ልታስለምደው?

አራሷ፦ ትራማዶሉን ትናንት ማታ አንድ ወስጃለሁ። ልጁ ተኝቷል።

ባለ መድኃኒት ቤቷ፦ አሁን ቀስቅሺው። ነቅቶ ጥሩ ከጠባ መልካም። አልነቃ ካለ፣ ከዛለብሽ ወይ ትንፋሹ ከከበደ ጠዋትን ሳትጠብቂ ሆስፒታል ውሰጂው። ያዘዘልሽን ሐኪም ደግሞ በትራማዶሉ ፋንታ ፓራሲታሞል ከአይቡፕሮፌኑ ጋር ይበቃኝ እንደሆነ ብለሽ ጠይቂ። ጨጓራ ወይ ኩላሊት ካለብሽ ንገሪው።

አራሷ፦ ነቃ፣ እየጠባ ነው። ጨጓራ አለብኝ ግን።

ወንዴ፦ ይኸው! አይቡፕሮፌኑም አልሆነም።

ሲስተር፦ ወንዴ፣ ባለቤትህ የወሰደችው ምን ነበር?

ወንዴ፦ ስሙን አላስታውስም። ነጭ ኪኒን ነው።