የአምስት ዓመት ክፍተቴን ሲቪዬ ላይ እንዴት ላስቀምጠው?

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። እስከ 2012 አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሲኒየር አካውንታንት ነበርኩ። ከዚያ እናቴ የኩላሊት እጥበት ጀመረች። በሳምንት ሦስት ቀን የምወስዳትና የምመልሳት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሥራ ለቀቅኩ። በ2017 አረፈች።

አንዲት ጓደኛዬ «ከዘመድ ሱቅ የልምድ ደብዳቤ አጽፊና ክፍተቱን ሙዪው» አለችኝ። መዋሸት አልፈልግም። ደግሞም ብዙ ቀጣሪዎች ከግል ድርጅት ለሚመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበትን ማስረጃ ይጠይቃሉ።

ያሰብኩት እንዲህ ብዬ ልጽፍ ነው፦ «2012–2017፦ የታመሙ እናቴን በሙሉ ጊዜ ማስታመም (አሁን ተጠናቋል)»። ከሥሩ፣ አዲሱን የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ 1341/2016 ማንበቤን እና ፒችትሪ ላይ እንደገና መለማመዴን እጠቅሳለሁ። ይሄ ከሥራ ልምዶቼ መሀል ይግባ ወይስ ማመልከቻ ደብዳቤው ላይ ብቻ?

የበለጠ የከበደኝ ግን ኢንተርቪው ነው። ባለፈው «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ትሠሪ ነበር?» ሲሉኝ ስለ ሕመሟ ማውራት ጀመርኩ። እንባዬ መጣ። አዘኑልኝ፤ ስለ ባንክ ማስታረቅም ሆነ ስለ ወር መዝጊያ ሂሳብ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁኝ ወጣሁ። በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሼ ወሬውን ወደ ሥራው ማዞር የምችለው እንዴት ነው? «ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ቢታመም ትለቂያለሽ?» ቢሉኝስ? ቀጥራችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ምን ብትሰሙ ነው የምታምኑት?