ጥቆማ፦ ሪፒተር ልግዛ ወይስ አሮጌውን ራውተር ላሠራው? (ድሬዳዋ)

የከዚራዋ፦ ሰላም የድሬ ልጆች። ከዚራ የድሮ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው የምንኖረው። ራውተሩ ሳሎን ነው ያለው። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ዋይፋዩ ጓሮ ካለው ክፍል አይደርስም። እናቴ ደግሞ የምትውለው እዚያ ነው። ታይዋን ገበያ ሪፒተር አይቻለሁ። ቤት ውስጥ ግን አሮጌ ቲፒ ሊንክ ራውተር ተቀምጧል። የቱ ያዋጣኛል?

ሳቢያን፦ ሪፒተሩን አልመክርሽም። እኔ ገዝቼ አይቼዋለሁ። ከአየር የተቀበለውን በዚያው አየር መልሶ ስለሚልክ ፍጥነቱ ግማሽ ያህል ይወርዳል። ደግሞ ግድግዳው ጀርባ ካስቀመጥሽው ራሱም አይሰማም። አሮጌውን በኬብል አያይዢው። ከትልቁ ራውተር የሚመጣውን ገመድ ቀለሙ ለየት ያለው ቀዳዳ፣ ዋኑ ላይ ሰኪው። አለቀ።

ጀጎል፦ አቦ፣ አላለቀም! በዋን በኩል ከሰካችው ኢንተርኔት ይሠራል፣ እውነት ነው። ግን አሮጌው ከጀርባው ያሉትን ዕቃዎች ለብቻቸው ይለያቸዋል። ጓሮ ያለው ስልክ ሳሎን ያለውን ፕሪንተር ወይም ቲቪ አያገኝም። ለቤት የሚሻለው ከላን ወደ ላን ነው፤ ከትልቁ ተራ ቀዳዳ ወደ አሮጌው ተራ ቀዳዳ ማለቴ ነው። ዋኑ ባዶ ይቅር። ብቻ መጀመሪያ አሮጌው ራውተር ለስልኮች አድራሻ ማደሉን ማቆም አለበት።

መጋላ፦ እኛ ሰፈር ማታ ማታ ኢንተርኔቱ ራሱ ይንቀራፈፋል። ሁለተኛ ራውተር ብጨምር ይፈጥንልኛል?

ጀጎል፦ አይ ወንድሜ፣ ያንተ ሌላ ነገር ነው። ይህ ዋይፋዩን ሩቅ ያደርሳል እንጂ ከውጭ የሚገባውን መስመር አያሰፋም። ትልቁ ራውተር አጠገብ ቆመህም የሚንቀራፈፍ ከሆነ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው።

የከዚራዋ፦ ቸኩዬ ላን ለላን ሰካሁት። አሁን ሳሎን ያለው ስልክ ሳይቀር ዋይፋይ ገብቶ ኢንተርኔት የለም ይላል። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይቆማል። ምን አበላሸሁ?

ጀጎል፦ ምንም አላበላሸሽም። አሁኑኑ ኬብሉን ንቀዪ። ስልኩ የዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ ገብተሽ የተሰጠውን አድራሻ እዪ።

የከዚራዋ፦ 192.168.0.103 ይላል። የትልቁ ራውተር መግቢያ ግን 192.168.1.1 ነው።

ጀጎል፦ ያ ነው። ሁለቱም አድራሻ እያደሉ ነው። ስልኩ ቀድሞ ከመለሰለት ይወስዳል። ከአሮጌው የወሰደው ስልክ መውጫው አሮጌው ይመስለዋል፤ አሮጌው ደግሞ መውጫ የለውም። አንዳንዴ የሚሠራልሽ ትልቁ ሲቀድም ነው።

ኬብሉ እንደተነቀለ የአሮጌውን ዋይፋይ ያዢና የማስተካከያ ገጹን በብራውዘር ክፈቺ። መጀመሪያ የራሱን የላን አድራሻ ቀይሪ፤ 192.168.1.250 በዪው። ራሱን አጥፍቶ ሲነሳ በአዲሱ አድራሻ ግቢ። ከዚያ `DHCP Server` የሚለውን `Disable` አድርገሽ ሴቭ በዪ። በመጨረሻ ኬብሉን ላን ለላን መልሺው። ቅደም ተከተሉን አታዛቢ። አድራሻ ማደሉን ቀድመሽ ካጠፋሽው ስልክሽ አድራሻ የሚሰጠው አጥቶ ገጹ እንቢ ይልሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። ትልቁ እስከ 254 የሚያድል ከሆነ አንድ ቀን 250ን ለሌላ ስልክ ሊሰጠው ይችላል። በትልቁ ገጽ ላይ የዕደላውን መጨረሻ 200 ላይ አቁሚው።

ሳቢያን፦ ትክክል ነህ ጀጎል። እኔ ቤት ስልኬ ፕሪንተሩን የማያየው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ስለ ኬብሉ ግን ልምከራት። ርካሹ ሽቦ ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ጫፉን በምላጭ ፋቂው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተዪው። ቶሎ ይሰበራል። በግቢው ላይም በፀሐይ አታሳልፊው። የድሬ ፀሐይ የቤት ውስጥ ኬብል ልባሱን ይሰነጥቀዋል። በጣሪያ ሥር ወይም በፕላስቲክ ቱቦ ይሂድ።

የከዚራዋ፦ ሠራ! በእርምጃ ለካሁትና 22 ሜትር ሆነ፤ 30 ሜትር ገዛሁ። መቶ ሜትር ድረስ ችግር የለውም ብሎኛል ሻጩ።

ጀጎል፦ እውነቱን ነው። አሁን ጓሮ ያለው ስልክ 192.168.1 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ከያዘ ተስተካክሏል ማለት ነው። የሁለቱን ቻናል ለዪያቸው፤ አንዱ 1 ከሆነ ሌላው 6 ወይም 11። ስምና ፓስዎርዳቸው ግን አንድ ይሁን፣ ስልኩ ራሱ ይቀያይራል።

ሳቢያን፦ እዚህ ላይ አልስማማም። የኔ ስልክ ሳሎን የያዘውን ጓሮ ድረስ ይዞት ይሄዳል። አንድ ባር እያሳየ አይለቅም። እኔ የሁለተኛውን ስም ለይቼ በእጄ እመርጣለሁ።

ጀጎል፦ እሱ እንደ ስልኩ ነው። የኔ ይለቃል።

የከዚራዋ፦ እናቴ ስም መምረጥ አይሆንላትም። በአንድ ስም ሳምንት ላየውና ካልለቀቀላት እለየዋለሁ።