«መደባችን ላይ ተቀምጦ አያውቅም» ሲባል የትኛው መደብ ነው?

ሰናይት፦ አያቴ ስለ መንደራቸው አንጥረኛ ሲያወሩ «የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ ሳለ መደባችን ላይ ተቀምጦ አያውቅም» አሉ። የጭቃው መቀመጫ ነው ወይስ የኅብረተሰብ መደብ?

መሪጌታ ጥበቡ፦ ግሱ መደበ ነው፤ በቦታው አኖረ፣ ወሰነ ማለት ነው። በጀት ይመደባል፣ ሰውም ይመደባል። መቀመጫውም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ሁለቱን መለየት ግስ ያልቆጠረ ሰው ሥራ ነው።

ታጋይ ዘመን፦ መሪጌታ፣ መደብ የሚለካው በማምረቻ መሣሪያ ነው። አንጥረኛው ወናፍም መስፍም የራሱ ነው፤ ንዑስ ከበርቴ ይባላል። መናቁ የፊውዳሉ ሥርዓት ርዝራዥ ነው። መሬቱ ሲታወጅ ንቀቱም አብሮ መክሰም ነበረበት።

አልማዝ ገ.፦ መክሰም ነበረበት፣ ግን አልከሰመም። ከ1967ቱ አዋጅ በፊት የሰው በሬ ለምኖ፣ መሬት በእኩል የሚያርስ ድሃ ገበሬ ነበር። ማረሻውን የሚሠራለት ባለእጅ ከእሱ የተሻለ እህል በጎተራው ሊኖረው ይችላል። ሆኖም ያ ድሃ ልጁን ለባለእጅ አይድርም፤ ቡዳ ነው ይላላ። አፄ ምኒልክ በ1900 ባለሙያን ጠይብ ብሎ መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ስድቡ ግን ቀጠለ። ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ባለእጁ መሬት ደረሰው እንበል፤ በመደብ ከገበሬው ተካከለ። ሊቀመንበር ሲሆን ደግሞ ማኅተም ያዘ፣ ግብር የሚያስከፍል እሱ ሆነ። ጀርመናዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ማክስ ዌበር መደብን፣ ክብርንና ፓርቲን ለየብቻ ያያቸው ለዚህ ነው። አንዱ ሲነሳ ሌላው ተጎትቶ አይነሳም።

መሪጌታ ጥበቡ፦ ጠይብ እኮ ጠቢብ ነው! ክብር ነበረ፤ በኋላ ነው የተዋረደው።

ታጋይ ዘመን፦ አልማዝ፣ አንድ ነገር ዘለልሽ። ባለእጁ ድሮ ርስት ያልነበረው ለምንድን ነው? ከማምረቻው የገፋው ያ ንቀት አይደለም?

አልማዝ ገ.፦ እሱ ልክ ነው። ክብር የተነፈገ ሰው ርስትም ይነፈጋል፤ ዌበርም ባለክብሮቹ ሀብትን ለራሳቸው እንደሚያጥሩ ጽፏል። ግን አጥሩ ሲፈርስ ጋብቻውም አብሮ ተከፈተ ወይ? ያንን መሬት ብቻውን አያስረዳልኝም።

ዳዊት ከዋሽንግተን፦ እኔ አገር ቤት መምህር ነበርኩ፣ እዚህ ታክሲ እነዳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ግን «ጋሼ መምህር» ተብዬ ከፊት እቀመጣለሁ። የኔስ መደብ የቱ ነው?

መሪጌታ ጥበቡ፦ ዳዊት፣ የተጠየቀው ስለ መቀመጫው ነው።

ሰናይት፦ አያቴን ደግሜ ጠየቅኋቸው። ሰውየው ለማኅበሩ መዋጮ ሲመጣ ደጅ ቆሞ ይሰበስብ ነበር፤ ቡናም በተለየ ስኒ ይወጣለታል። «ግባ ብላችሁት ነበር?» ስላቸው «ማን ይለዋል» አሉኝ።

ታጋይ ዘመን፦ ታዲያ መዋጮውን አለመክፈል ይችሉ ነበር?

ሰናይት፦ አይችሉም። አንድም ጊዜ አላስቀሩም።